ክፍያው አንሶ የተንጠለጠለ ቢትኮይን፦ ከሁለቱ መፍትሔዎች የትኛው ይቅደም?

ቢትኮይን ልካችሁ «ያልተረጋገጠ» የሚለው ጽሑፍ ከስክሪኑ አልነሳ ካለ፣ ግብይቱን ለማስኬድ በእጃችሁ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ያንኑ ግብይት በከፍተኛ ክፍያ እንደገና ጽፎ መተካት ነው፤ አር ቢ ኤፍ ይሉታል። ሌላው ካልተረጋገጠው ግብይት የሚመጣላችሁን ገንዘብ በሌላ ግብይት አውጥቶ ለሁለቱም የሚበቃ ክፍያ መክፈል ነው፤ ሲ ፒ ኤፍ ፒ ይባላል፤ ልጅ ለወላጁ እንደሚከፍል ማለት ነው። የመመሪያ ገጾች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው የፈለጋችሁትን ምረጡ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቅደም ተከተል አላቸው፤ ሁለተኛውን ካስቀደማችሁ የመጀመሪያው ሊዘጋባችሁ ይችላል። እኔን ያስቀደመኝ የዋሌቱ የደንበኞች አገልግሎት ነው፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ክፍያው ለአንድ ዕቃ ሻጭ የሚሄድ 0.015 ቢትኮይን ነበር። ዋሌቱ ውስጥ የነበረኝ ገንዘብ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የገባ ስለነበር ግብይቱ 12 ቁርጥራጮችን ሰብስቦ ነው የተጻፈው። ግብይቶችን ወደ ብሎክ የሚያስገቡት የማዕድን አውጪዎች ክፍያ የሚሰላው በምትልኩት የገንዘብ መጠን ሳይሆን ግብይቱ በብሎክ ውስጥ በሚይዘው ቦታ ነው። አሁን በተለመደው የሴግዊት አድራሻ እያንዳንዱ ገቢ ቁርጥራጭ ወደ 68 ቨርቹዋል ባይት፣ እያንዳንዱ መድረሻ 31 ያህል ይይዛል። የእኔው 12 ገቢና ሁለት መድረሻ ነበረው፤ አንዱ ለሻጩ፣ አንዱ ወደ እኔ የሚመለሰው መልስ። የግብይቱ ቋሚ ክፍል ከሚይዘው ጥቂት ባይት ጋር በድምሩ 889 ባይት ሆነ። ዋሌቱ «ቆጣቢ» በሚለው ምርጫው በባይት 8 ሳቶሺ፣ ማለትም የቢትኮይን ትንሿ ክፋይ፣ አስቦ 7,112 ሳቶሺ ቆረጠ፤ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይረጋገጣል ብሎም ጻፈ። ግምቱ በዚያች ደቂቃ ለነበረው ወረፋ የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ወረፋው በድንገት ሲያብጥ ዋሌቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2024፣ የማዕድን አውጪዎች ሽልማት በግማሽ የሚቀነስበት አራተኛው ሃልቪንግ በተፈጸመበት ዕለት፣ ክፍያ በአጭር ጊዜ እንዴት እንደተሰቀለ ያየ ሰው በእንዲህ ዓይነት ግምት አይተማመንም።

መጣበቁን ማወቅ ቀላል ነው። የግብይቱን መለያ ቁጥር `mempool.space` ላይ አስገብቼ የእኔን ዋጋና በዚያ ሰዓት ቀጣዩን ብሎክ የሚያስገባውን ዋጋ አስተያየሁ። እኔ 8፣ በሩን የሚያልፈው 40 ገደማ። ሻጩ «አልደረሰኝም» ይላል፤ ትክክል ነው። ገንዘቡ ግን አልጠፋም፤ ኖዶች፣ ማለትም የመረቡ ኮምፒውተሮች፣ በሚይዙት ሜምፑል በሚባል የመጠባበቂያ ወረፋ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የሚመጡላችሁ ሁለት ምክሮች አሉ፤ ሁለቱንም አትቀበሉ። የመጀመሪያው «ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ተሰርዞ ይመለሳል» የሚለው ነው። ኖዶች በብዛት የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር፣ የቢትኮይን ኮር፣ የተለመደ ቅንብር ያልተረጋገጠ ግብይት ከ336 ሰዓት በኋላ ከሜምፑል እንዲወጣ ያደርጋል፤ ይህ ግን እያንዳንዱ ኖድ ለራሱ የያዘው ልማድ እንጂ የመረቡ ሕግ አይደለም። አንዱ ኖድ ሲጥለው ሌላው ሊያቆየው፣ ወይም የራሳችሁ ዋሌት እንደገና ሊያሰራጨው ይችላል። የተፈረመ ግብይት ገቢ ቁርጥራጮቹ በሌላ ግብይት እስካልወጡ ድረስ ሕያው ነው።

ሁለተኛው ምክር የባሰ ነው፦ «ተወው፣ እንደገና ላክ»። ሻጩም ይህንኑ ነበር የሚወተውተኝ። አዲሱ ክፍያ የሚወጣው ከሌላ ቁርጥራጭ ከሆነ ሁለቱ ግብይቶች አይጋጩም። አዲሱ ዛሬ፣ አሮጌው ወረፋው በቀለለ ሌሊት ይረጋገጥና ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ትቀራላችሁ። አሮጌውን ሊያጠፋ የሚችለው ከገቢዎቹ ቢያንስ አንዱን የሚጠቀም ግብይት ብቻ ነው።

ለደንበኞች አገልግሎቱ የጻፍኩት ይህን ሁሉ አጣርቼ ነው። ክፍያ ማሳደጊያው ቁልፍ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ የጠየቅኩትም እርሱን ብጫን አድራሻውና መጠኑ ይነካ እንደሆነ ብቻ ነው። መልሱ «የመልሱን ገንዘብ በአሁኑ የገበያ ዋጋ ወደ ራስዎ አድራሻ ይላኩ፣ የመጀመሪያውን ይጎትተዋል» የሚል ሆነ። በአሁኑ የገበያ ዋጋ! ወደ እኔ የሚመለሰው ገንዘብ 210,000 ሳቶሺ ያህል ነበር። አንድ ገቢና አንድ መድረሻ ያለው ግብይት 110 ባይት ነው፤ በ40 ሲባዛ 4,400 ሳቶሺ። ልኬ ጠበቅኩ። ብሎኮች አለፉ፤ ምንም የለም።

`mempool.space` ላይ የወላጁን ገጽ ስከፍት `Effective fee rate` የሚል መስመር ነበር፤ አጠገቡ 11.5። ነገሩ የተገለጠልኝ እዚያ ነው። ልጁ ያለ ወላጁ ወደ ብሎክ መግባት ስለማይችል፣ ማዕድን አውጪው ሁለቱን እንደ አንድ ጥቅል ይመዝናቸዋል፦ ክፍያቸው ተደምሮ ለመጠናቸው ድምር ይካፈላል። የእኔ ጥቅል 7,112 ሲደመር 4,400፣ ማለትም 11,512 ሳቶሺ ለ999 ባይት ነበር። ትንሹ ልጅ በራሱ 40 ከፈለ እንጂ የከባዱን ወላጅ ጉድለት አልሸፈነም። ለመሸፈን ልጁ መክፈል የነበረበት ይህን ነው፦

```
(889 + 110) × 40 − 7,112 = 32,848
```

ለ110 ባይት 32,848 ሳቶሺ፤ በባይት ወደ 299 ማለት ነው። ምክር ሰጪው የነገረኝ ከዚህ አንድ ሰባተኛውን አካባቢ ነው። ቀመሩን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሥራው ይህ ለሆነ ሰው ደግሞ ሰበብ የለውም። ወላጁ ትንሽ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ አንድ ገቢና ሁለት መድረሻ ያለው 141 ባይት፣ ስህተቱ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም ነበር። ብዙ ቁርጥራጭ የሰበሰበ ወላጅ ላይ ግን የተለመደው «በገበያ ዋጋ ላክ» ምክር ገንዘብ ማባከኛ ነው።

በቃ፣ ወደ መተካቱ ልመለስ ብዬ የመጀመሪያውን ግብይት ስከፍት ክፍያ ማሳደጊያው ቁልፍ ጠፍቷል። ለምን ቢሉ፣ ልጅ የወለደን ግብይት መተካት ልጁንም ያጠፋዋል፤ ልጁ የሚያወጣው መልስ ከአሮጌው ወላጅ ጋር ይሄዳልና። መረቡ ይህን አይከለክልም፤ የሚጠይቀው አዲሱ ግብይት ከሚያስወጣቸው ሁሉ ድምር በላይ እንዲከፍል፣ በዚያ ላይም በራሱ መጠን በባይት ጥቂት እንዲጨምር ነው፤ ጭማሪው እ.ኤ.አ. እስከ 2025 በተለመደው ቅንብር ቢያንስ 1 ሳቶሺ ነበር። በእኔ ሁኔታ 11,512 ሲደመር 889፣ ማለትም 12,401 ሳቶሺ ዝቅተኛው ወሰን ነበር፤ እኔ ልከፍል ካሰብኩት በእጅጉ ያነሰ። ብዙ ዋሌቶች ግን ጥንቃቄ ብለው ልጅ ያለውን ግብይት አንተካም ይላሉ፤ የቢትኮይን ኮር `bumpfee` ትእዛዝ ራሱ እምቢ ይላል። የደንበኞች አገልግሎቱን ስጠይቅ ደግሞ የመጀመሪያውን መልስ ቃል በቃል ገልብጠው ላኩልኝ።

መውጫው ልጁ ነበር። ልጁ የራሱ ልጅ ስለሌለው ቁልፉ በእርሱ ገጽ ላይ አለ። ክፍያውን ወደ 33,000 ሳቶሺ አሳደግኩት፤ ይኸውም በባይት 300። ዋሌቱ «ክፍያው ከመጠን በላይ ነው» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ልጁን ለብቻው ነው የሚያየው፣ ወላጁን አይቆጥርም። ማስጠንቀቂያውን አልፌ ፈረምኩ። `Effective fee rate` ወደ 40.2 ተለወጠ፤ ሁለቱም ግብይቶች በአንድ ብሎክ ገቡ።

ዋጋው ይኸውና። ከመነሻው ተክቼው ቢሆን 889 በ40፣ 35,560 ሳቶሺ በድምሩ ይበቃ ነበር። የከፈልኩት 40,112 ነው። ልዩነቱ አያደኸይም፤ ሰዓቱና ከሻጩ ጋር የተነታረክነው ግን በሳቶሺ አይመነዘርም።

ስለዚህ ላኪ ከሆናችሁና ቁልፉ ካለ መጀመሪያ ተኩ። ዋሌታችሁ ግብይቱ የሚተካ ስለመሆኑ ምልክት አላደረገም ቢላችሁ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቢትኮይን ኮር 28.0 በተለመደው ቅንብሩ ምልክት የሌለውንም መተካት ስለሚቀበል፣ እንቅፋቱ አብዛኛውን ጊዜ መረቡ ሳይሆን ዋሌቱ ነው። ስትተኩ ሁለት ነገር ከመፈረማችሁ በፊት እዩ፦ የተቀባዩ አድራሻና መጠን እንዳልተነኩ፣ ጭማሪው ከመልሱ ላይ መቆረጡን። አንዳንድ ዋሌት ከተቀባዩ ድርሻ ይቀንሳል።

ሲ ፒ ኤፍ ፒ ቦታው ሌላ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ለእናንተ ከሆነና ላኪው ካልተባበረ፣ መተካት ስለማትችሉ ያላችሁ እርሱ ብቻ ነው። ላኪ ሆናችሁ ደግሞ መልስ ያልቀረበት፣ ማለትም ሁሉንም ጠርጋችሁ የላካችሁበት ግብይት ከሆነ ልጅ መውለድ የሚችለው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ የመገበያያ ድርጅት ከሆነ ይህን ያደርግልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። በተጨማሪም ሜምፑል በተለመደው ቅንብር ከ300 ሜጋባይት ሲያልፍ ኖዶች ዝቅተኛ ከፋዮችን ያራግፋሉ። ወላጁ ከተራገፈ፣ የምትልኩትን ልጅ ብዙ ኖዶች ገቢው የማይታወቅ ብለው ሊመልሱት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ተመራጩ ወላጁን ራሱን በከፍተኛ ክፍያ እንደገና መጻፍ ነው። ምልክቱ የግብይቱ መለያ ቁጥር በመፈለጊያ ገጾች ላይ «አልተገኘም» ማለቱ ነው።

ከተካችሁ በኋላ የግብይቱ መለያ ቁጥር ይለወጣል። ሻጩ የያዘው አሮጌው ቁጥር በድንገት ሲጠፋበት የተጭበረበረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አዲሱን ቁጥር እርሱ ከመደወሉ በፊት ላኩለት።