ውጤቱን ሸፍኖ ማንበብ

እናትና የ17 ዓመት ልጇ በስልክ ጉዳይ ተጨቃጭቀው ወደ አንዲት የቤተሰብ አማካሪ ሄዱ። እናት «ስልክ እንቅልፍ ይነሳል» ትላለች፤ ልጅ «ሰበብ ነው» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ዜና ይዘዋል። አማካሪዋ ሁለቱን ዜናዎች አትማ ሰጠቻቸውና ያላሳመናቸውን ቦታ በእርሳስ እንዲያሰምሩ ጠየቀቻቸው። «እባካችሁ ሳታዳሉ አንብቡ» ብላም አሳሰበች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

እናት ራሷ ባመጣችው ዜና ላይ አንድም መስመር አላሰመረችም፤ የልጇን ግን ሰባት ቦታ አሰመረችበት። ልጅም የእሷን እንዲሁ አደረገው። የሚገርመው፣ የሁለቱም ዜና ጥናት የተሠራው በአንድ መንገድ ነበር፦ ልጆችን «ስንት ሰዓት ተኛችሁ? ስልክስ ስንት ሰዓት ያዛችሁ?» ብሎ በመጠየቅ። «ይሄ በግምት የተመለሰ ነው» የሚል ማስታወሻ ሁለቱም ጽፈዋል፣ በሌላው ወረቀት ላይ ብቻ። ሲወጡ ከገቡበት ይብስ ተኳርፈው ነበር።

ያመኑትን የማጽናት ዝንባሌ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰው የሚጠላውን ዜና ሲያነብ አጥብቆ ይመረምረዋል። የሚወደውን ነው ሳይመረምር የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ1979 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የሞት ቅጣትን የሚደግፉና የሚቃወሙ 48 ተማሪዎችን ለዚሁ ሲሉ የተፈጠሩ ሁለት ጥናቶች አስነበቡ፤ አንዱ የሚደግፍ፣ ሌላው የሚቃወም። እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ያደላውን ጥናት «በደንብ የተሠራ ነው» አለ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች በአቋማችን ይበልጥ ጸናን አሉ፤ ይህ ግን ራሳቸው ስለራሳቸው የተናገሩት በመሆኑ ብዙ ባይደገፉበት ይሻላል። በ1984 የወጣው ተከታይ ሥራ ለአማካሪዋ የበለጠ ይጠቅማል። «አታዳሉ» የሚለው ምክር ለውጥ አላመጣም። «ይኸው ጥናት ተቃራኒ ውጤት ቢያመጣስ እንዲህ ትፈርዱበት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ግን አድልዎውን ቀነሰ።

አማካሪዋ በሁለተኛው ቀጠሮ አዲስ ዜና አመጣች። ርዕሱንና ውጤቱን በወረቀት ሸፍና ማን እንደተጠየቀ፣ ስንት ሰው እንደሆነና እንዴት እንደተለካ የሚገልጸውን ክፍል ብቻ አስነበበቻቸው፤ ከዚያ ጥናቱን ምን ያህል እንደሚያምኑት ከ10 በቁጥር አስጻፈች። ቁጥሩ በአፍ ከተነገረ አይሠራም፤ አንዱ የሌላውን ሰምቶ ያስተካክላል፣ ውጤቱ ሲገለጥም «እኔ መች እንዲህ አልኩ» ይመጣል። ርዕሱን አስቀድሞ ላየ ሰው መሸፈኑ ዋጋ የለውም፤ ለእሱ የሚሆነው የ1984ቱ ጥያቄ ነው።

እናት 4 ጻፈች፣ ልጅ 5። ውጤቱ ሲገለጥ የእናትን ሐሳብ የሚደግፍ ሆነ። እናት ብዕሯን አንስታ 4ቱን ወደ 8 ልትለውጥ ስትል ልጅ እጁን ወረቀቱ ላይ አሳረፈና፣ «እማዬ፣ ተጽፏል እኮ» አላት። ሁለቱም ሳቁ። የስልኩ ሰዓት ግን በዚያ ቀንም አልተወሰነም።