የጋሼ ቴስተር

ወርክሾፓችን ውስጥ ሁለት ቴስተሮች ነበሩ፤ የእኔ ዲጂታል፣ የጋሼ ባለ ቀስት። የጋሼ ቴስተር መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ እርሳቸው ግን ከልጆቻቸው ቀጥሎ የሚሳሱለት ነገር ነው።

በዚያ ሳምንት የምንሠራው የ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ወደ 11.5 ሲወርድ መብራቱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ነበር። ባትሪውን የሚለካው ክፍል የእኔ ድርሻ ነው፦ ሁለት ባለ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ፣ ከመካከላቸው የሚወጣ አንድ ሽቦ። እኩል ስለሆኑ ቮልቴጁን እኩል ይካፈሉታል። ባትሪው 12 ከሆነ መሃሉ 6፣ 11.5 ከሆነ ደግሞ 5.75 ነው፤ መብራቱም እዚያ ላይ ይጠፋል። ትልልቅ ሬዚስተር የመረጥኩት ባትሪው በከንቱ እንዳይፈስ ነበር፤ የሚወስዱት 60 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው። በዚህች ቁጥር በጣም ኮርቼ ነበር።

ጋሼ መሃሉን ለኩና፣ "4.8" አሉ።

"አይሆንም ጋሼ፣ 6 ነው።"

"እኔ ቀስቱ የሚለውን ነው የምነግርህ።"

የእኔን ቴስተር አምጥቼ ለካሁ፤ 5.97 አለ። እዚያ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ሁለት ተለማማጆች ቆመው እያዩኝ ስለነበር ማስተማር ጀመርኩ።

የጋሼ ቴስተር ለእያንዳንዱ ቮልት 20 ኪሎ ኦም ነው፤ በ10 ቮልት ሬንጅ ላይ 200 ኪሎ ኦም ይሆናል። መሃል ላይ ሲነካ ከታችኛው ሬዚስተር ጎን ለጎን ይቆማል። ያን ጊዜ ከላይ የሚመጣው ከረንት ወደ 72 ማይክሮ አምፔር ያድግና መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ትንሹ ሬዚስተር ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። 48ቱ በሬዚስተሩ፣ 24ቱ በቴስተሩ ያልፋሉ። 24 ማይክሮ አምፔር በ200 ኪሎ ኦም ሲባዛ 4.8 ቮልት ነው። "እንግዲህ ሬንጁን ወደ 50 ያዙሩት" አልኳቸው። አዞሩት፤ ቀስቱ ወደ 5.7 ግድም ሄደ። ባትሪው ሳይነካ፣ ሬንጅ ሲቀየር ብቻ ንባቡ ከተቀየረ ሰርኪዩቱን የሚያዛባው ራሱ ቴስተሩ ነው አልኩ፤ ተለማማጆቹም ጻፉት።

ጋሼ አልተቆጡም። ቀስቱን እያዩ፣ "የኔ ቴስተር ይጠጣል እንበል። በዚህ ሽቦ ላይ ቀጥሎ የሚገጠመውስ ውኃ እንኳ አይቀምስም?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ቮልቴጁን ከ5.75 ጋር የሚያስተያየው አነጻጻሪ ምንም ያህል አይወስድም" አልኩ። የተናገርኩት ስለ አነጻጻሪው እውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ቦርዶች አገናኘን። መብራቱ አልበራም። ባትሪው 12 ቮልት ነው፤ መሃሉን በዲጂታሉ ብለካው 4.0 አለ። ቀጣዩን ቦርድ የሠራው ባልደረባችን፣ ሽቦው ቢበጠስ መቆጣጠሪያው ባትሪው አልቋል ብሎ መብራቱን እንዲያጠፋ፣ በመግቢያው ላይ ወደ ኔጌቲቭ የሚወርድ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ገጥሞ ነበር። አሳቡ ትክክል ነው፤ ንድፉም ላይ በግልጽ ተሥሏል፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው። ከታች የነበረው 100 አሁን 50 ሆኗል። ስለዚህ መሃሉ የባትሪው ግማሽ መሆኑ ቀርቶ ሲሶ ሆነ። መብራቱን ለማብራት ከ17.25 ቮልት በላይ የሆነ "12 ቮልት ባትሪ" ያስፈልገን ነበር። የጋሼ ቴስተር ጠዋት ያደረገውን፣ የእኛው ቦርድ ከሰዓት በኋላ አብሶ አደረገው።

ሬዚስተሮቹን ወደ 10 ኪሎ ኦም አወረድኳቸው። ቀጣዩ ክፍል የሚያየው ምንጭ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን እንደቆሙ ያህል፣ 5 ኪሎ ኦም ይሆናል፤ 100ው ደግሞ የዚህ 20 እጥፍ ነው። አሥር እጥፍ ይበቃል የሚባለውን ሁላችንም ተምረነዋል። ሆኖም 12 ቮልት ላይ መሃሉ 5.71 ሆነና መብራቱ አሁንም ጨለመ! ስሕተቱ አምስት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ማጥፊያው ከ11.5 ወደ 12.08 ወጥቷል። ለእርሳስ ባትሪ በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ርቀት ራሱ አንድ ቮልት ከምናምን ስለሆነ፣ ግማሽ ቮልት ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻ 100ውን እንደሌለ መቁጠሬን ትቼ በሒሳቡ ውስጥ አስገባሁት። የታችኛውን 11 ኪሎ ኦም አደረግኩ፤ ከ100ው ጋር ጎን ለጎን ሲሆን 9.91 ይሆናል። ማጥፊያው 11.55 ላይ ተቀመጠ፤ መብራቱም በራ። የኮራሁባት 60 ማይክሮ አምፔር ግን አሥር እጥፍ ሆናለች።

ጋሼ ቴስተራቸውን ይዘው መጡና መሃሉን ነኩ። "5.8" አሉ። የእኔን አየሁ፤ 5.97 ይላል። "ተቀራርበናል" አሉና ሬንጁን ወደ 50 አዙረው አንዴ አዩት። ከዚያ ተለማማጆቹን ጠርተው ጠዋት የጻፉትን ጮክ ብለው እንዲያነቡላቸው ጠየቁ።