«ርካሽ»ን ከዕቃ መግለጫ ማውጣት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ለቴሌግራም ሱቆች የዕቃ መግለጫ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው። ሰሞኑን የያዝኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ ዋጋው የማይከብድን ዕቃ ሳናጣጥል እንዴት እንጻፈው? መለማመጃዬ አንድ ልብስ ሰፊ ሰፈር ውስጥ የሚሰፋው የሸራ የተማሪ ቦርሳ ነው። 1,200 ብር ይሸጣል።

«ርካሽ» የሚናገረው ስለ ብር ብቻ አይደለም። ርካሽ ተወዳጅነት፣ ርካሽ ፕሮፓጋንዳ እንላለን፤ ሰውንም ርካሽ እንላለን። የሚገርመው ግን ገዢ ሲለው ቃሉ ያምርበታል። «በርካሽ አገኘሁት» የሚል ሰው እየኮራ ነው፤ ተከራክሮ አስቀንሷላ። ሻጭ ራሱ ሲለው ግን «ምን ጎድሎት ነው?» ያሰኛል። ስለዚህ ያንን ቃል ለገዢው ትቼለታለሁ፤ ቤቱ ሄዶ ይበለው።

ሁለተኛው ነገር ቃሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። «ርካሽ ቦርሳ» ስንል ቃሉ የሚያርፈው ቦርሳው ላይ ነው። «ዋጋው የማይከብድ ቦርሳ» ስንል ግን ዋጋው ላይ ያርፋል፣ ቦርሳው ይተርፋል። አሁን ስጽፍ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። «ርካሽ ግን ጥራት ያለው» የሚለውማ ይብሳል። «ግን» ስትገባ ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ሻጩ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ከምትክ ቃላቱ መካከል «ተመጣጣኝ ዋጋ» ሁሉም ሰው የሚጽፈው ነው፤ ከመለመዱ የተነሳ ዓይን ያልፈዋል። ሕይወት የሚዘራው ቁጥሩ አጠገቡ ሲቆም ነው። «በተመጣጣኝ ዋጋ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ ራሱን ያፈርሳል፤ ዋጋው ተመጣጣኝ ከሆነ ለምን ይደበቃል? «ዝቅተኛ ዋጋ»ን ትቼዋለሁ፣ «ዝቅተኛ ጥራት» ከሚለው ጋር ጎረቤት ነው። «የወረደ ዋጋ» ጭራሽ አይሞከርም፤ የከተማ ልጅ «የወረደ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። «አነስተኛ ዋጋ» ምንም አይልም፣ ምንም አይጎዳም።

«አቅምን ያገናዘበ» ትንሽ አስቸግሮኛል። ለቤት ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ ሲሆን ደህና ይሄዳል፣ ገንዘቡ ለማንም ከባድ ነውና። ለቦርሳ ሲሆን ግን «አቅም የለህም ብለን ነው» ይመስላል። ለቦርሳ «ኪስ የማይጎዳ» ይሻላል፤ ቀለል ያለና የሰፈር ወሬ የሚመስል ነው። ለመሥሪያ ቤት በሚቀርብ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ግን አልጽፈውም። «ቆጣቢ» ደግሞ አገልግሎት ሲሰጥ ወጪ ለሚቀንስ ነገር ነው፦ ለአምፖል፣ ለምድጃ። ቆጣቢ ቦርሳ ምኑን ይቆጥባል?

«ቅናሽ»ን ለብቻው እዩት። ከምን የተቀነሰ? ቦርሳው ከመጀመሪያውም 1,200 ብር ከሆነ ቅናሽ የለም። 1,600 ብሎ ጽፎ መሰረዝ ውሸት ነው፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ግን ቃል መተካት ሳይሆን ዋጋው ለምን እንዳልከበደ መናገር ነው። ምክንያት ካልሰጠነው ገዢው ራሱ ምክንያት ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም «ቶሎ ይቀደዳል» የሚል ነው። መጀመሪያ የነበረው ጽሑፍ እንዲህ ነበር፦

«ርካሽና ምርጥ የተማሪ ቦርሳ! እንዳያመልጣችሁ!»

አሁን ያለው፦

«የሸራ የተማሪ ቦርሳ፣ 1,200 ብር። ከሚሰፋው ሰው በቀጥታ ስለሚመጣ የመሐል ነጋዴ ትርፍ የለበትም። ማንገቻው ቦርሳው ላይ በሚያያዝበት በኩል ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ሰባት ስምንት ደብተር በደንብ ይይዛል። ገበር የለውም፤ ኃይለኛ ዝናብ ውስጥ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሉት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብስ ሰፊው መጀመሪያ አልወደዳትም። «ጉድለቴን ለምን ታወጣዋለህ?» አለኝ። እኔ ግን የምከራከርላት እሷ ናት። ዋጋው የቀነሰው ገበር በመቅረቱም ጭምር ነው፤ ይህንን የሰማ ወላጅ ማንገቻውን አይጠራጠርም። በፊት «ይቆያል?» እያሉ ይጠይቁ የነበሩ አሁን «ምን ምን ቀለም አለው?» ማለት ጀምረዋል።

ይህ አካሄድ ምክንያቱ ደህና ሲሆን ብቻ ይሠራል። ዚፑ በሳምንቱ የሚበላሽ ቦርሳን የትኛውም ቃል አያድነውም፤ «ኪስ የማይጎዳ» ተብሎ የተሸጠ መጥፎ ዕቃ እንዲያውም ሲመለስ ንዴቱ ይብሳል።

ቀጥሎ ያለብኝ ልባሽ ጨርቅ ነው። «ሳልባጅ» ቢሉት ገዢው ያውቀዋል፣ ግን አንዳንዱ ይሸሸዋል። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉም አሉ። እናንተ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?