የደመራችን እንጨት

ትናንት መስቀል ነበር። ግቢው ውስጥ የቀረው አመድና የጠወለገ ቄጤማ ነው። ሳልረሳው ልጻፈው።

ዘንድሮ ደመራውን ቤት ያደረግነው በእማዬ ጉልበት ምክንያት ነው። የሰፈሩ ደመራ የሚለኮሰው ከዳገቱ በላይ ያለው ሜዳ ላይ ነው፣ እሷ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆናት። አምና «እኔን ተዉኝ፣ እናንተ ሂዱ» ብላን ሄድን። ስንመለስ መብራት እንኳን ሳታበራ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አገኘናት። ዓመቱን ሙሉ ከሆዴ አልወጣም።

እና ዘንድሮ ጎረቤትና ዘመድ ተደምሮ 14 ሰው ጠራን። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር 9 ሜትር ቢሆን ነው። ወንድሜ 3 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ባህር ዛፍ ተሸክሞ መጣ። አቁሞ ሲያሳየን በእውነት ያምራል፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። እማዬ ግን ከበረንዳው ሆና ትንሽ አየችውና «ሲወድቅስ ወዴት ነው የሚወድቀው?» አለች።

ያን ሳስብ ነው ሌላው ሁሉ የተስተካከለልኝ። የደመራ እንጨት መውደቁ አይቀርም፣ እንዲያውም ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት ነው ሰው ቆሞ የሚጠብቀው። ወዴት ዞሮ እንደሚወድቅ ደግሞ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ከእንጨቱ ዙሪያ ቢያንስ በእንጨቱ ቁመት ልክ ወንበር መኖር የለበትም፣ ፍም ስለሚፈናጠር ደግሞ ከዚያም መጨመር አለበት። ባለ 3 ሜትሩን ብናቆም የግቢው ወርድ በሙሉ መውደቂያ ሆኖ እንግዶቹ የሚቀመጡበት ይጠፋል። ወንድሜ ቅር እያለው ቆረጠው። ከመሬት በላይ 1 ሜትር ተኩል ቀረ። ወንበሮቹን በእጥፉ፣ በ3 ሜትር አራቅናቸው። በመካከሉ ሦስት ጊዜ ለመዞር የሚበቃ መንገድ ተገኘ።

ጎንና ጎኑ አጥር ስለሆነ ወንበር የሚደረደረው በበረንዳው በኩል ብቻ ነው። ግማሽ ክብ አደረግነው። ዱካና በርጩማው ፊት፣ ከእድር ያመጣናቸው ባለ መደገፊያ ወንበሮች ኋላ። ልጆቹን በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን አስቀመጥናቸው፣ ከፍ ስለሚል በሰው ራስ ላይ ያያሉ፣ ከእሳቱም ይርቃሉ። የእማዬን ወንበር ግን መሀል፣ ፊት ለፊት። ከጎኗ አንድ ክፍት ቦታ ተውን፣ ተነስታ ለመዞር ብትፈልግ ሰው ሳታስነሳ እንድትወጣ። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ በመስከረም 15 ማታ፣ ልክ በሚለኮስበት ሰዓት፣ እንጨቱ በሚቆምበት ቦታ ዕጣን አጭሰን አየን። ወደ በሩ ሄደ። ወደ እኛ ቢመጣ ኖሮ ሁሉንም ልናዞረው ነበር። የልብስ ማስጫውን የፕላስቲክ ገመድም ያኔ ነው አንጋጥጬ ያየሁት፣ ፈታሁት።

መሬቱ ሲሚንቶ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ተከራይተን የነበርንበት ቤት በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አንድደን ነበር። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ ሲሚንቶ ድንገት ሲግል ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣና ወለሉን ያፈነዳዋል። ጠጠሩ እየተፈናጠረ የአንዲት እንግዳ ነጠላ ተበሳ። ዘንድሮ ደረቅ አሸዋ አንድ ስንዝር ከፍታ አፈሰስን፣ እንጨቱን አሸዋና ድንጋይ በሞላነው የብረት ባልዲ ውስጥ ተከልነው። ነጠላ የለበሰ ሁሉ ደግሞ ሲዞር ጫፉ እንዳይንዘላዘል መስቀለኛ አጣፋ። ሁለት ጀሪካን ውሃ በሩ ጋ ቆመ።

ችቦውን የገዛነው ከመንገድ ነው። አብዛኛው ዝናብ ጠጥቷል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ችቦ አለ፣ እሱ ነው ሰውን የሚያታልለው። ከመሀሉ አንድ ጭራሮ መዝዤ ሰበርኩ። «ቀጭ» ብሎ ከተሰበረ ይነዳል፣ ከተጣመመ በኋላ ልጡ ብቻ ተንጠልጥሎ ከቀረ ያጨሳል። ስድስቱን ወሰድኩ፣ ሁለት ሌሊት ማድቤት ምድጃው አጠገብ አሳደርኳቸው። በፕላስቲክ ሲባጎ የታሰሩትን ፈትቼ በልጥ አሰርኳቸው፣ ሲባጎ ቶሎ ይቀልጥና ችቦው ገና ሳይያያዝ ይዘረገፋል፣ ሽታውም መጥፎ ነው። ዙሪያውን ስንደግፋቸው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አንድ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ተውን። በዚያ በኩል ነው የሚለኮሰው።

አሁን አደይ አበባው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤ ያለው እሱ ጋ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ስለሚሄድ ነው መሰለኝ፣ ሲጠወልግብኝ እንደ ሰው ያሳዝነኛል። በ15 ማታ ሦስት እቅፍ ገዛሁ። ስገዛ መሀሉን በጣቴ ነካ አደርጋለሁ። ጣቴ ላይ ብጫ ዱቄት ከቀረ አበባው ቆይቷል፣ በማግስቱ ቅጠሉን ያራግፋል። መሀሉ ገና ጥቅጥቅ ያለና እምቡጥ የበዛበትን ነው የምፈልገው። ቤት እንደደረስኩ ውሃ ውስጥ የሚገባውን የግንዱን ቅጠል በሙሉ ላጥኩ፣ ካልተላጠ በስብሶ ውሃውን ያገማዋል። የግንዱን ጫፍ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቆረጥኩና እስከ ግማሹ በባልዲ ውሃ ውስጥ አቁሜ ጨለማ ጓዳ አሳደርኩት። ማታ አንገቱን ደፍቶ የገባው ጠዋት ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ። ያን ጊዜ ጓዳው በር ላይ ትንሽ ቆሜ አየሁት።

አንዱን እቅፍ እማዬ ወንበር አጠገብ በሸክላ ማሰሮ አደረግኩት። ሸክላ ውሃ ያዣል፣ ጠዋት ሞልተሽው ማታ ጎድሎ ታገኚዋለሽ፣ ስለዚህ ውስጡ የወተት ጣሳ ከተትኩ። ሁለተኛው ረከቦቱ ዙሪያ፣ ከቄጤማው ጋር። ሦስተኛው የእንጨቱ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል ላይ የሚታሰረው ነው፣ እሱን ከባልዲው ያወጣሁት 12 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ጠዋት ታስሮ ፀሐይ ቢመታው ኖሮ ማታ ጥውልግ ብሎ ይጠብቀን ነበር።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ሊለኮስ ሲል እማዬ «አንሺኝ» አለችኝ። ይዣት ዞረች። ሦስቱንም። በሁለተኛው ዙር ቆማ እጇን ዘርግታ አንድ አደይ ከመስቀሉ ቀነጠበች፣ እንጨቱ ባለ 3 ሜትር ቢሆን አትደርስበትም ነበር። ከተለኮሰ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንጨቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በሩ ወደቀ፣ ጫፉ ከመጀመሪያው ዱካ ብዙ ራቅ ብሎ አረፈ። ጎረቤታችን እልል አሉ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ማንም አልተነሳም።

እንግዶቹ ሲሄዱ እኔና ወንድሜ ፍሙ እስኪጠፋ ተቀመጥን። አመዱን ለጠዋት ስለምንፈልገው ውሃ አላፈሰስንበትም፣ ዙሪያውን በአሸዋ ብቻ ከበብነው። ጥሩ አደረግን፣ በ17 ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በእንጨት ገለጥ ሳደርገው ከስሩ ገና ቀይ ፍም ነበር። ከዳር፣ ከቀዘቀዘው፣ በጭልፋ አውጥቼ ለእማዬ ወሰድኩላት። ቀድማ ተነስታ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣለች። ጣቷን አመዱ ውስጥ ነክራ ግንባሬ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገችልኝ፣ ከዚያ ጭልፋውን ሰጠችኝና ግንባሯን ወደኔ ዘንበል አደረገች። የቀነጠበቻት አደይ ትራሷ አጠገብ በሲኒ ውሃ ውስጥ ነበረች።