ባለአክሲዮኑ ከባንኩ ያነሰ ይጠይቃል እንዴ? ዋክን በብር ያሰላሁበት መንገድ

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የፓስታ ማምረቻ መስመር ሊጨምር አስቦ ነበር። የቤተሰብ አክሲዮን ማኅበር ነው። ስሙን አልጠራም፣ ቁጥሮቹንም ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። አማካሪ ያዘጋጀው የአዋጭነት ጥናት በእጃቸው አለ። ጥናቱ «የካፒታል ወጪያችሁ 16 በመቶ ነው፣ ፕሮጀክቱ ይህን አይሸፍንም፣ ተዉት» ይላል። እኔን የጠሩኝ 16 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እንዳጣራላቸው ነው።

ዋክ የሚባለው ይኸው የካፒታል ወጪ ነው፣ ሲፈታ ቀላል ነው። ድርጅቱ የሚሠራበት ገንዘብ ከሁለት ቦታ ይመጣል፣ ከባንክና ከባለአክሲዮን። ባንኩ ወለድ ይፈልጋል። ባለአክሲዮኑም ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው የሚያገኘውን ያህል ይፈልጋል፣ ማንም በወረቀት ባይጽፍለትም። የሁለቱን ፍላጎት በየድርሻቸው መዝነህ ስትደምር አንድ ተመን ይወጣል። አዲስ ሥራ ቢያንስ ያንን ማትረፍ አለበት።

ጥናቱ የባለአክሲዮኑን ፍላጎት 17.2 በመቶ፣ የባንኩን ወለድ ደግሞ 18 በመቶ አድርጎ ይዟል። ይህንን ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለሐጂ ሳነብላቸው ሳቁ። «ባንኩ ቤቴንና መጋዘኔን ይዞ 18 ይለኛል። እኔ ከሁሉም በኋላ የምበላው ሰውዬ 17 ይበቃሃል ነው የምትሉኝ?» አሉ። በቃ፣ ስህተቱን አገኙት። ባለአክሲዮን የሚከፈለው ባንኩ ከተከፈለ በኋላ በሚተርፈው ነው፣ ካልተረፈም ምንም የለም። ስለዚህ የሱ ተመን ከባንኩ ወለድ ካነሰ የሆነ ቦታ አንድ ነገር ተሳክሯል ማለት ነው። እኔ አሁን የማንንም ዋክ ሳይ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

የተሳከረው ገንዘቡ ነበር። 17.2 የዶላር ተመን ነው፣ 18 ደግሞ የብር። አማካሪው ሁለቱን አንድ ላይ መዝኖ ደምሯቸዋል።

እንዴት እንደዚያ ሊሆን ቻለ? የባለአክሲዮኑ ተመን የሚሰላበት ካፕኤም የሚባለው ቀመር ሦስት ነገር ይፈልጋል፣ ከስጋት ነፃ የሆነ ወለድ፣ ቤታ፣ እና የአክሲዮን ገበያው ከዚያ ወለድ በላይ የሚከፍለው የገበያ ስጋት ጭማሪ። ቤታ የአንድ ድርጅት አክሲዮን ከጠቅላላው ገበያ ጋር አብሮ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ይለካል። ይህን ለመለካት ለዓመታት ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ አክሲዮን ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው፣ እዚያ ላይ የዱቄት ፋብሪካ ቤታ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የመንግሥት ሰነድ ወለድም ለረጅም ዘመን በገበያ የተወሰነ አልነበረም። ከ2003 እስከ 2012 ድረስ የግል ባንኮች ካበደሩት 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ እንደነበር የባንክ ሰዎች አይረሱትም፣ ወለዱም ከዋጋ ንረቱ በብዙ ያነሰ ነበር። እንዲህ ያለውን ታሪክ «ከስጋት ነፃ» ብሎ መነሻ ማድረግ ይከብዳል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ዶላር ይሄዳል። እኔም ሄጃለሁ፣ ችግሩ ሄዶ እዚያው መቅረቱ ላይ ነው።

የዶላሩን ክፍል እንዲህ ሠራሁት። መነሻዬ የአሜሪካ የ10 ዓመት ቦንድ ነው፣ 4.5 በመቶ ያዝኩ። ለበሰለ ገበያ የስጋት ጭማሪ 5 ያዝኩ። ለቤታ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው አስዋት ዳሞዳራን በየዓመቱ በነፃ ከሚያወጣቸው የኢንዱስትሪ ሰንጠረዦች ተነሳሁ፣ የምግብ ማቀነባበሪያ ከዕዳ የጸዳ ቤታ ብዬ 0.6 ወሰድኩ። ከዕዳ የጸዳ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይመነዘራል። የሌላ አገር ፋብሪካዎች ቤታ የነሱን ዕዳ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ያንን አውጥተህ የራስህን ዕዳ መጨመር አለብህ። የእኛ ፋብሪካ ዕዳ ከባለአክሲዮን ካፒታሉ አንድ ሦስተኛ ነው (እንዴት እንደሆነ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ)፣ ግብሩ 30 በመቶ ነው። ስለዚህ 0.6 × (1 + 0.7 × 1/3) = 0.74 ሆነ። በዚህ ላይ የአገር ስጋት 9 ነጥብ ጨመርኩ። ይህች 9 ከሁሉም ይልቅ የግምት ልጅ ናት፣ በኋላ እንደገና እናገኛታለን። ድምሩ 17.2 በመቶ፣ አማካሪው ያቆመበት ቦታ።

ከዚህ ወደ ብር የሚያሻግረው የሁለቱ የዋጋ ንረት ልዩነት ነው። በፕሮጀክቱ ዕድሜ ብር በአማካይ በዓመት 13 በመቶ፣ ዶላር 2.5 በመቶ ያህል ዋጋ ያጣል ብዬ ያዝኩ። ሁለቱን ቀንሶ ልዩነቱን መደመር ሳይሆን በአንዱ አባዝቶ በሌላው ማካፈል ነው ያለብህ፣ ንረት ከፍ ሲል ልዩነቱ ይታያል። በኤክሴል ሦስት መስመር ናት፦

```
B1: =0.045+0.74*0.05+0.09
B2: =(1+B1)*1.13/1.025-1
B3: =0.75*B2+0.25*0.18*(1-0.30)
```

B2 ላይ 29.2 በመቶ ወጣ። ሐጂን ሳሳያቸው «አሁን ገና ተግባባን» አሉ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው የዕዳው ክፍል ነው። ፋብሪካው ከድሮ የያዘው ብድር በ13 በመቶ ነው፣ ሒሳብ ሹሟም 13 እንዲሆን ፈልጋ ነበር፣ የምንከፍለው ይኸው ነው ብላ። ነገር ግን አዲስ ሥራ የሚመዘነው ዛሬ ብትበደር በምትከፍለው ነው፣ ባንኩ ዛሬ የሚለው ደግሞ 18 ነው። ወለድ ከትርፍ ላይ ተቀንሶ ግብር ስለሚታሰብ፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር ወለድ 30ውን ግብሩ ይሸከመዋል፣ 18 ወደ 12.6 ይወርዳል። ይህ የሚሠራው ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ሲኖር ብቻ ነው። የግብር እፎይታ ላይ ያለ ፋብሪካ፣ ወይም ኪሳራ የተከመረበት፣ የሚቀንሰው ነገር የለውም፣ ለሱ 18 እንዳለ 18 ነው። እዚያው ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ፋብሪካዎች አንዱ እፎይታ ላይ ስለሆነ ብቻ የዕዳ ወጪያቸው ሊለያይ ይችላል። የባለአክሲዮኑ ተመን ላይ ግን ግብር አትቀንስ፣ እሱ የሚበላው ግብር ከተከፈለ በኋላ ነው።

ድርሻው ላይ ትንሽ ተከራክረናል። በመዝገብ ላይ ዕዳው 80 ሚሊዮን፣ ካፒታሉ 60 ሚሊዮን ነው። በዚያ ከሄድክ ዕዳው 57 በመቶ ይሆናል፣ ዋክም ወደ 20 ይወርዳል። ግን ያ 60 ሚሊዮን ሕንፃና ማሽን በድሮ ብር የተመዘገበበት ነው፣ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት። በቅርብ ጊዜ አንድ የቤተሰቡ አባል ድርሻውን ለሌላው ሲሸጥ የ1,000 ብሩን አክሲዮን 4,000 ነው የሸጠው። የዘመድ ሽያጭ ስለሆነ ብቻውን አላመንኩትም፣ ዓመታዊ የተጣራ ትርፋቸው 40 ሚሊዮን መሆኑን ሳይ ግን 240 ሚሊዮን ማለት የ6 ዓመት ትርፍ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ፋብሪካ የማይመስል አይደለም። 80 ለ240፣ ማለትም 25 እና 75 በመቶ። «ባንኩ እኮ ለማሽኑ 70 በመቶ ያበድረናል፣ ለምን 70 አይሆንም?» ያለ ነበር። ባንኩ የሚያበድረው ማሽኑን ብቻ አይቶ አይደለም፣ የድሮው መጋዘንና ቤት ተይዞለት ነው። የፓስታው መስመር የሌላውን የመበደር አቅም እየተጠቀመ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ የሚወሰደው የጠቅላላው ድርጅት ድርሻ ነው።

ዋኩ 25.05 በመቶ ሆነ። 16ን ያላለፈ ፕሮጀክት 25ን ከየት ያልፋል? አብሽር፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገለበጠው።

ማሽኑ 60 ሚሊዮን ነው፣ ጥናቱ ለ7 ዓመት በየዓመቱ 14 ሚሊዮን ብር የተጣራ ገቢ ይለዋል። 14፣ 14፣ 14... ሰባቱንም ዓመት ያው። የፓስታ ዋጋ ለ7 ዓመት ዝም ብሎ የሚቆምበትን ከተማ እኔ አላውቅም። አማካሪው የገቢውን ግምት በዛሬ ዋጋ ነው የሠራው፣ ያ በራሱ ነውር የለውም። የወደፊት ገቢ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ በተመኑ ይቀነሳል፣ ነገር ግን በዛሬ ዋጋ የተሠራ ገቢ የዋጋ ንረት በተሸከመ ተመን አይቀነስም። ወይ ገቢውን በየዓመቱ አሳድገህ በ25 ትቀንሳለህ፣ ወይ ገቢውን እንዳለ ትተህ ከተመኑ ላይ ንረቱን ታወጣለህ። ሁለተኛውን መረጥኩ፣ 1.2505 ሲካፈል ለ1.13፣ 10.7 በመቶ ገደማ።

ውጤቶቹን ጎን ለጎን ስታያቸው ይገርማል። በአማካሪው 16 ፕሮጀክቱ 3.5 ሚሊዮን ያከስራል። ያንኑ 14 ሚሊዮን በ25 ብትቀንሰው 15.7 ሚሊዮን ያከስራል። በ10.7 ግን 6.7 ሚሊዮን ያተርፋል።

እዚህ ላይ ቶሎ መደሰት አያስፈልግም። በገቢው ውስጥ የማሽኑ እርጅና የሚያተርፈው ግብር አለ፣ 60 ሚሊዮኑ ለ7 ዓመት እኩል ተከፋፍሎ 30 በመቶው ሲወሰድ በዓመት ወደ 2.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። እሱ ከዋጋ ንረት ጋር አያድግም፣ ምክንያቱም ግብር ሰብሳቢው የሚያየው ማሽኑ የተገዛበትን የድሮውን ብር ነው። ስለዚህ ያቺ ክፍል ብቻ ተለይታ በ25 መቀነስ አለባት። ስትቀነስ ከትርፉ ላይ ወደ 4.1 ሚሊዮን ይዛ ትሄዳለች፣ 2.6 ሚሊዮን ይቀራል። ንረት በሌለበት አገር በተጻፈ መማሪያ ይህ ነገር በቀላሉ ይታለፋል፣ እኛ ጋ ግን ከትርፉ ግማሽ በላይ በላ።

ከዚያ ወደ 9 ተመለስኩ፣ ወደ አገር ስጋቷ። 11 ባደርጋትስ? ዋኩ 26.7 ይሆናል፣ ንረቱ ሲወጣ 12.1፣ ትርፉም ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ እንዲያውም ከዜሮ ዝቅ ይላል። ሁለት ነጥብ ናት ያቺ! ቤታን ከ0.74 ወደ 0.8 ማድረግ ግን የባለአክሲዮኑን የዶላር ተመን የሚነካው በ0.3 ነጥብ ብቻ ነው። ሰዎች ቤታ ላይ ሳምንት ይከራከራሉ፣ የአገር ስጋቷን ግን ከሰንጠረዥ ቀድተው ያልፋሉ።

ለቦርዱ የጻፍኩት አንድ ቁጥር አይደለም፣ የአገር ስጋቱ ከ9 እስከ 11 ሲሆን ትርፉ ከ2.6 ሚሊዮን እስከ ባዶ እንደሚሆን ነው። ሐጂ ዝም ብለው አዩትና «እንግዲያው ተመኑን እኛ አንቀይረው፣ የማሽኑን ዋጋ ግን እንከራከርበት» አሉ። ልክ ናቸው፣ ከ60 ሚሊዮኑ ላይ 4 ሚሊዮን ብናስወርድ በ11ም ያልፋል። ቦርዱ ከሌላ አቅራቢ ሁለተኛ የዋጋ ማቅረቢያ እስኪመጣ ውሳኔውን አቆይቶታል።