ኮምቦልቻ፣ ሶሌታ ላይ የዋልንበት ሥራ

ዛሬ ለአንድ ቤት የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ስንበይድ ዋልን። ታንከሩ 2000 ሊትር ነው። ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል፤ ለአራት እግር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 500 ኪሎ። ስለዚህ እግሮቹን ከሶሌታው መሃል አውጥተን ሶሌታውን በተሸከሙት ቢሞች ላይ አሳረፍናቸው።

የቤቱ ባለቤት ጋሼ «ብረቱ ወፍራም ነው፣ ሰያፍ ብረቱ ለምን አስፈለገ?» አሉኝ። ሰያፉ ከመግባቱ በፊት የማስቀመጫውን ጫፍ ገፋ እንዲያደርጉት ጠየቅኳቸው። ተወዛወዘ። አራቱንም ጎን በሰያፍ ከበየድን በኋላ ግን ንቅንቅ አላለም። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይጋደማል፤ ሦስት ማዕዘን ቅርጹን አይለቅም። እኛ ደግሞ የምንኖረው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ያ 2 ቶን ወደ ጎን ይገፋል።

የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ አራግፈን እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አየን። ቀዳዳ የታየበትን በግራይንደር አንስተን ደግመን በየድነው።

የእግሮቹን ላሜራ በ12 ሚሊ ቦልት ከኮንክሪቱ ጋር አሰርን። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ዱቄት ካልተነፋ ቦልቱ በደንብ አይነክስም፤ ሲያጠብቁት አብሮ ይዞራል። ባዶ ታንከር ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል። እሱንም ከማስቀመጫው ጋር በብረት ቀበቶ አስረነዋል። የቀረው ፀረ ዝገት ቀለሙ ነው፣ ነገ ይቀባል።