«ታንክ» ሳይሆን «ታንኳ»

ለገና ከስቶክሆልም ባሕር ዳር ገብቼ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፣ ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣና «እታለም፣ እስቲ ይህን እይልኝ» አለኝ። በአንድ የኢንተርኔት የሥራ መጫረቻ ላይ 41 ማመልከቻ ልኳል፤ አንድም ሰው አልመለሰለትም።

እኔ በምሠራበት ቢሮ ከእንዲህ ዓይነቱ መጫረቻ ሰው የምቀጥረው እኔ ስለሆንኩ፣ እርሱ የማያየውን ወገን አውቀዋለሁ። አንድ ሥራ ባወጣሁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ያህል ማመልከቻ ይደርሰኛል። በዝርዝሩ ላይ የሚታየኝ ስም፣ ዋጋ፣ የቀድሞ ደንበኞች ምስክርነትና የደብዳቤው የመጀመሪያ ሁለት መስመር ነው። የወንድሜ ሁለት መስመር በሰላምታና በዲግሪው ያልቃል። ምስክርነት የለውም፤ ስለ ሥራዬም ገና አልተናገረም። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሳልከፍት ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ሳስበው አዘንኩ።

«እኔው ልቅጠርህና አምስት ኮከብ ልስጥህ» አልኩት። ደንቡን ስናነብ ግን የዘመድ ምስክርነት አካውንት እንደሚያዘጋ አየንና ተውነው።

በማግስቱ ጣና ዳር ተቀምጠን አዲስ የወጡ ሥራዎችን ብቻ መፈለግ ጀመርን፦ አመልካቾቹ ከአምስት ያልበለጡ፣ ቀጣሪው የመክፈያ መንገዱ የተረጋገጠና ቀድሞም ሰው የቀጠረ፣ ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ። በሦስተኛው ቀን የ20 ደቂቃ የአማርኛ ቃለ መጠይቅ ትርጉም አገኘን፤ ክፍያው 25 ዶላር። ቀጣሪዋ ቀረጻውንና ሌላ ሰው የጀመረውን ትርጉም አያይዛለች። በትርጉሙ ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንክ ጠፍቶበታል! ወንድሜ ሰላምታውን ትቶ እንዲህ ሲል ጀመረ፦ «በ0:41 ላይ ታንክ የተባለው ታንኳ ነው፤ ከደንገል የሚሠራ የጣና ጀልባ። የመጀመሪያውን ደቂቃ አርሜ አያይዣለሁ፤ ሙሉውን ነገ ማታ አስረክባለሁ።» ከአንድ ደቂቃ በላይ በነፃ እንዳይሠራ አጥብቄ ነግሬው ነበር፤ ሙሉ ሥራ «ለናሙና» የሚጠይቅ ቀጣሪ ብዙውን ጊዜ መክፈል አይፈልግም።

ማታውኑ ቀጠረችው። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጠዋት ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄዶ ጨረሰና ከቀጠሮው ስድስት ሰዓት ቀድሞ አስረከበ። ክፍያው ገባ፤ ምስክርነቱ ግን ቀረ። ውሉ ገና ክፍት ነበር፤ በዚያ መጫረቻ ውል ሳይዘጋ ምስክርነት አይጻፍም። ይሉኝታ ይዞት አራት ቀን ዝም አለ። በመጨረሻ «የሚታረም ካለ ዛሬውኑ አርማለሁ፤ ከሌለ ውሉን ቢዘጉልኝ» ብሎ ጻፈላት፤ ስለ ኮከብ አላነሣም። በዚያው ቀን ዘጋችው፤ ሌላው ተርጓሚ የሳተውን ቃል እንዳገኘላት በሁለት መስመር ጻፈች።

ወደ ስቶክሆልም ከመመለሴ በፊት ያቺው ሴት ሦስት ተጨማሪ ቃለ መጠይቆች ላከችለት። ወንድሜ ለእያንዳንዱ 40 ዶላር ጠየቀ፤ እርሷም ተስማማች።